የሄርማታ አሮጌ ኬሻዎች

ባለቤቴ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሲዘምት አንድ ነገር ብቻ አስማለኝ። ባንክ ያስቀመጥናትን ገንዘብ እንዳልነካ። ለቆርቆሮ ጣራ የተጠራቀመች ናት። «ብመለስም ባልመለስም ልጃችን የራሷ ጣራ ሥር ትደር» አለኝ። ማልኩለት። ችግሩ የማልኩ ዕለትም ልጄ እራት መብላቷ አልቀረም። ከጦሩ የሚላክልኝ ተቆራጭ አንዳንድ ወር ይመጣል፣ አንዳንድ ወር ደግሞ የውኃ ሽታ ይሆናል።

ስለዚህ ንግድ ለመጀመር ወሰንኩ። መነሻዬ ትርፍ ብርድ ልብሴንና ሁለት ዶሮዎቼን ሸጬ ያገኘሁት ነው። ቢጠፋ አለቅሳለሁ እንጂ ባንክ ቤት አያደርሰኝም። መለኪያዬ ይኸው ነበር።

ያኔ የምንኖረው በቡና አገር ከተማ፣ ቦሳ ኪቶ በሚባል ሰፈር፣ በቀበሌ ቤት ነው። ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው ጎረቤቴ እንደኔው ከሸዋ የመጣች ናት። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር እጇ ላይ ገንዘብ አይጠፋም። ልጄን ያዋለደችኝ እሷ ናት። እህቴ ነበር የምላት፤ የእናቴን ልጅ እንኳ እንዲያ አቆላምጬ ጠርቼ አላውቅም።

ሐሙስ ሐሙስ አብረን ሄርማታ ገበያ እንወጣና ያየነውን ንግድ ሁሉ እናማለን። ዳቦ ልጋግር አልኩ። ዱቄቱ የሚገኘው ከቀበሌው ሱቅ ነው፤ መጣ ሲባል ይሰለፉለታል፣ ቀረ ሲባል ደንበኛ ይበተናል። ጫት አሰብኩ። ጫት ግን እስከ ማታ ካልተሸጠ ለፍየል ነው፣ እኔ ደግሞ ፍየል የለኝም። ጠላ ጠምቄ ልሽጥ ብል ጎረቤቶቼ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ቡናስ ብል፣ አገሩን ሁሉ የሞላው እሱ ቢሆንም ያለ ፈቃድ ይዞ የተገኘ ኬላ ላይ ይወረሳል። የእኔን የዶሮ ገንዘብ ለኬላ ጠባቂ ልሸልም እንዴ?

አንድ ሐሙስ አንድ ገበሬ በበቅሎ የጫነው የደረቀ ቡና ከተቀደደ ኬሻ መንገድ ለመንገድ እየፈሰሰ ሲሄድ አየሁ። ሰውየው እየተሳደበ ይለቅማል፣ ዶሮዎች ይከተሉታል፣ ሰው ይስቃል። እኔም ሳቅኩ። ቤቴ ስደርስ ግን ሳቄ ቆሞ ሐሳብ ጀመርኩ።

በማግስቱ ሄርማታ አንድ የእህል ነጋዴ መጋዘን ሄድኩ። ክረምት ስለነበር መጋዘኑ ተጠርጎ አይጥ የበላው ኬሻ ጥግ ላይ ተቆልሏል። የመጋዘኑን ጠባቂ፣ ነጭ ጺማቸውን የሚዳብሱ ሽማግሌ፣ ስንት እንደሚሸጡት ጠየቅኳቸው። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄን ቆሻሻ ምን ልታደርጊው ነው?» ብለው ሳቁብኝ። በማይረባ ዋጋ ጥቂት ሰጡኝ።

ዘዴውን ያገኘሁት ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። ሲባጎ መግዛት አላስፈለገኝም። ከሁሉ የባሰውን ኬሻ ፈትቼ ክሩን ለስፌት፣ ደህና ደህናውን ቁራጭ ለመጠገኛ አደረግኩት። ያወጣሁት የአንድ የጆንያ መርፌ ዋጋ ብቻ ነው። ከመግዛቴ በፊት ደግሞ እያንዳንዱን አሸተዋለሁ። ጋዝ ወይም ሳሙና የነካው ኬሻ ቡናውን ሽታ ያስይዘዋል፣ ገዢ ደግሞ አፍንጫ አለው። እህል የያዘውን ብቻ እመርጣለሁ። ኬሻ ካልረጠበ አይበሰብስም፣ ክረምት በርካሽ ተገዝቶ የቡና ለቀማ ሲደርስ ይወደዳል። ይህን ሁሉ ለእህቴ ለምላት ሴት አንድ በአንድ ነገርኳት። አፈታቱንም በእጇ አስይዤ አሳየኋት።

«ኤዲያ! ይሄ አቧራ ሳንባሽን ይበላዋል» አለችኝ። እጇን እያራገፈች ክሩን ግን መፍታቷን አልተወችም።

መስከረም ሲጠባ የጠገንኳቸውን ይዤ በአውቶቡስ አጋሮ ሄድኩ። ገንዘቤን ሁሉ ላፈስበት አልፈለግኩም፤ ሰው ይገዛ እንደሆን መጀመሪያ ልየው ብዬ ነው። ገበሬዎቹ ስፌቱን እየጎተቱ፣ ወደ ፀሐይ እያነሡ ቀዳዳ ፈለጉ። ሳይመሽ ሁሉንም ጨረሱልኝ። አንዱ «ለቀማ ሲጀመር ብዙ አምጪ» ብሎ ደገመልኝ። በመመለሻው አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ መጣሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው እብድ መስዬው ሳይሆን አይቀርም።

ያን ዕለት ማታ ለእህቴ ነገርኳት። ዓይኗ በራ። «አንቺዬ፣ ከባንክ አውጪና የመጋዘኑን ሁሉ እንጠቅልለው! ሌላ ሰው ሳይቀድመን!»

«እሷን አልነካም» አልኳት። «በአጋሮው ሽያጭ በሚቀጥለው ሳምንት እገዛለሁ፣ በዚያ ትርፍ ደግሞ እንደገና። ቀስ ብሎ ይሞላል።»

«ልክ ነሽ፣ የኔ እህት። ቃል ቃል ነው» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ።

በሦስተኛው ቀን መጋዘን ስሄድ ጥጉ ባዶ ነው። ወለሉ ሳይቀር ተጠርጓል። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «እህትሽ ትናንት በጋሪ አስጭና ወሰደችው እኮ! አብረን ነን አለችኝ። እስከ ለቀማ ለሚወጣውም ቀብድ ከፍላለች። ወላሂ፣ አንቺ የላክሻት መስሎኝ ነው።»

ሌሎቹንም መጋዘኖች ዞርኩ። የትም ቀድማኛለች። ገበያው መሐል ቆሜ አለቀስኩ፤ ያየኝ ሁሉ ይመስክር።

ቤቷ ስገባ ኬሻው እስከ ጣራው ተቆልሏል። አላፈረችም። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። «ምን ላድርግሽ? አውጪ ብዬሽ እምቢ አልሽ። ገንዘብ ባንክ ቆልፎ የሚነገድ ንግድ የለም። እኔ ደፈርኩ» አለችኝ። ቀጠል አድርጋ ድምጿን አለዘበችና «ደግሞ ብቻዬን አልበላውም። አንቺ ስፌት ትችያለሽ። በሰፋሽው ልክ እከፍልሻለሁ» አለች።

ሰድቤያት ወጣሁ። የማውቀውን ስድብ ጨርሼ የማላውቀውንም ጨመርኩበት። በቀሪው ገንዘቤ ሌላ ንግድ ፈለግኩ፤ ግን ኪራዩ አለ፣ የልጄ ሳል አለ፣ ገንዘቧ በእጄ ላይ ሟሸሸች። ተቆራጩም ቀረ። የባንኩን ደብተር ከሣጥን አውጥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ በዚያች ሰዓት በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም ነበር። መልሼ ቆለፍኩት፣ ነጠላዬን ለበስኩና የሰደብኳትን ሴት በር አንኳኳሁ።

ለቀማው እስኪያልቅ ግቢዋ ውስጥ ተቀምጬ ሰፋሁ። ምሳ ታቀርብልኛለች፣ እንደ ድሮውም ታወራኛለች። ጥሩ ሰው ለመምሰል ስትለፋ ሳይ ከስርቆቱ ይበልጥ ይቆጠቁጠኝ ነበር።

አንድ ቀን ያ የአጋሮው ገበሬ በሰው ሰው አፈላልጎ ኬሻ ሊገዛ መጣ። ሲያየኝ ፊቱ ፈካ። «ያቺ ሴትዮ! የአንቺ ስፌት እኮ እስካሁን አልተፈታም። ንግድሽ እንዲህ ሰፋልሽ? ማሻ አላህ! ስንት ትይኛለሽ?»

አፌን ሳልከፍት እሷ ከቤት ወጣች። «ዋጋውን እኔን ይጠይቁኝ» አለችው። «እሷ ሠራተኛዬ ናት።»

ሰውየው አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ። መርፌው ጣቴ ውስጥ ገብቶ ደሜ ኬሻው ላይ ጠብ ሲል አየሁት። ኬሻውን ፊቷ ላይ ወርውሬ ልነሣ ፈለግኩ፤ እንደዚያን ቀን የፈለግኩት ነገር የለም። ጎንበስ ብዬ መስፋቴን ቀጠልኩ። ብነሣ የምሄደው ወደ ባንክ ነበር።