ሐሙስ በአራት ሰዓት

ያንን ሐሙስ ሳስብ እስካሁን ፊቴ ይግላል።

አምቦ ውስጥ በአንድ ሆቴል አንሶላ አጥብና እተኩስ ነበር። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ነው። አዲስ አበባ ያለ ኤጀንሲ፣ ዱባይ ለሚገኝ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ሠራተኞች ሲመዘግብ ስሜን ሰጠሁ። የቀረኝ ዱባይ ካለው ቀጣሪ ጋር በስልክ በቪዲዮ መነጋገር ብቻ ነበር። ሰውየው በእንግሊዝኛ “የሚመችሽን ቀንና ሰዓት ጻፊ” ብሎ ላከልኝ።

እንግሊዝኛዬን አላምነውም። መልሱን የጻፈው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ስለሚሠራ በቤታችን የደብዳቤ አዋቂ እሱ ነው። “ሐሙስ በአራት ሰዓት” ብሎ ጻፈና ስልኩን መለሰልኝ።

“በቃ?” አልኩት።

“ምን ይጨመርበት፣ ግጥም?”

ሰውየው “እሺ፣ ሐሙስ አራት” አለ።

ሐሙስ ጠዋት ፈቃድ ለምኜ ቤት ቀረሁ። የታጠበ ሸሚዝ ለብሼ፣ ስልኩን ስኳር ጣሳው ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። ሽንት ቤት እንኳ ስልኩን ይዤ ነው የሄድኩት። ስድስት ሲሆን ሸሚዙን ቀይሬ ወደ ሥራ ተመለስኩ፤ ስልኬን ውሃ እንዳይነካው እንደ ወትሮው ልብስ መቀየሪያው ክፍል አስቀመጥኩት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ ያልተመለሱ ሦስት ጥሪዎች ነበሩ፤ ከሥራቸው አንድ መልእክት። “ለቃለ መጠይቅ ያልተገኘች ለሥራም አትገኝም።”

ኤጀንሲ ደወልኩ። “እናንተ የክፍለ ሀገር ልጆች ሰዓት መቼ ነው የምታከብሩት?” አለችኝ ሴትየዋ። “ለምኜልሻለሁ፤ አንድ ዕድል ብቻ ሰጥቶሻል። ዛሬውኑ ሌላ ሰዓት ጻፊለት። አሁንም ካመለጠሽ ስምሽ ይሰረዛል።” ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ጠዋቱን ሙሉ መጠበቄን የምነግርበት ጊዜ አልሰጠችኝም።

ቤት ስደርስ ወንድሜም ጀመረ። “ስልክሽን ጥለሽ ትሄጃለሽ፣ ከዚያ ታለቅሻለሽ!”

አላለቀስኩም። የሱን ስልክ ነጥቄ ከኔው አጠገብ አስቀመጥኩት። የኔን ስልክ፣ ጊንጪ ከተማ የሸጠልኝ ልጅ በእኛ አቆጣጠር እንዲያሳይ አስተካክሎታል፤ አሥራ አንድ ተኩል ይላል። የወንድሜ በፈረንጅ አቆጣጠር አምስት ተኩል ይላል። የመጀመሪያው ጥሪ የገባው በኔ ስልክ ዘጠኝ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ነው፤ በእሱ ሲቆጠር ከሰዓት በኋላ ሦስት ከሁለት።

ዱባይ ሠርታ ወደ ተመለሰችው ጎረቤታችን ሮጥኩ።

“ኢንተላ፣ ማል ታቴ?” አለችኝ በኦሮምኛ፣ ፊቴን አይታ፤ አንቺ ልጅ ምን ሆንሽ ማለቷ ነው።

“ምንም አልሆንኩም። እዚህ ከሰዓት ሦስት ሲሆን ዱባይ ስንት ነው?”

“አራት። በአንድ ሰዓት ይቀድሙናል።”

ሰውየው በራሱ አራት ሰዓት ደውሏል። እኔም በራሴ አራት ሰዓት ጠብቄአለሁ። ማናችንም አልዘገየንም፤ የተሰደብኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ቤት ተመልሼ ወንድሜ ላይ ጮህኩ። ከዚያ በፊት ጮኼበት አላውቅም። “ጠዋት የሚለውን ቃል መጻፍ እጅህን ይሰብረው ነበር?”

“ቢሮ አራት ሰዓት ብለን ጽፈን ሁሉም በአራት ነው የሚመጣው!”

“ዱባይ የወረዳህ ቀበሌ ናት?”

አዲሱን መልእክት ራሴ ጻፍኩት። ማክሰኞ አልኩ፤ ቀኑንና ወሩን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የወሩን ስም በፊደል። በዱባይ ሰዓት ከቀትር በፊት 11፣ በኢትዮጵያ ሰዓት ከቀትር በፊት 10፤ ሁለቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር። ይህ በእኛ ጠዋት አራት ሰዓት ነው። መጨረሻ ላይ “እባክዎ ሁለቱም ትክክል መሆናቸውን ያረጋግጡልኝ” አልኩ። አንዱን ቃል ከመዝገበ ቃላት ነው ያገኘሁት።

ወንድሜ ከትከሻዬ በላይ አነበበና ሳቀ። “አንድ ነገር ሁለት ጊዜ! ደደብ ናት ይሉሻል።”

“ይበሉኝ” ብዬ ላክሁት።

መልሱ “ማክሰኞ 11 ይመቻል” የሚል ነበር። የማን 11? ደሜ ፈላ። “በዱባይ 11፣ በኢትዮጵያ 10፣ አይደል?” ብዬ ደግሜ ጻፍኩ። “አዎ አዎ” አለ፤ ሰልችቶታል። ይሰልቸው።

ማክሰኞ ስልኬ አራት ሰዓት ሲል ጠራ። “ዛሬ በሰዓትሽ ተገኘሽ” አለኝ ፈገግ ብሎ።

እንግዳ ፊት ድምፄ አይወጣም ነበር። ያን ቀን ወጣ። “ሐሙስም በሰዓቴ ነበርኩ” አልኩት በተሰባበረ እንግሊዝኛ። “የኔ አራት ሰዓት ጠዋት ነው። አልጠየቁኝም።”

ፈገግታው ጠፋ። አለቀ አልኩ በልቤ። እሱ ግን ነጭ አንሶላ ላይ የደረቀ ደም በምን እንደማስለቅቅ ጠየቀኝ። “በቀዝቃዛ ውሃ፤ በሙቅ ከሆነ ይይዛል” አልኩት። ሌላም ብዙ ጠየቀኝ፤ ሁሉንም መለስኩ።

ማታ መልእክት ላከ። ተቀብሎኛል፤ ስለ ውሉ እንድንነጋገር እሑድ፣ በዱባይ ከቀትር በኋላ 2፣ በኢትዮጵያ ከቀትር በኋላ 1 ይለኛል። ሁለቱንም ጽፏል። ወንድሜ እልል አለ። እኔ ግን መልእክቱን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ባነበብኩት ቁጥር ንዴቴ ባሰ። ለካ ይችል ነበር።