በጣት አይዞርም

ያለፈውን እርሺው የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አልረሳሁትም፤ መርሳትም አልፈልግም። ቤይሩት ፊዚክስ በተማርኩበት ጊዜ አንድ ሰው በሐሰት ወንጅሎኝ ነበር፤ እኔም አንጀቴ ቅቤ እስኪጠጣ ተበቅዬዋለሁ።

የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ከአዲስ አበባ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ፣ በነጻ የትምህርት ዕድል፣ ለማስተርስ ነበር የሄድኩት። ከተማው የሐበሻ ሴትን የሚያውቃት በአንድ ሥራ ብቻ ነው። ዓይን ኤል ረማነህ ሰፈር ከተከራየኋት ክፍል ሥር ያለው ባለሱቅ ሳሙና በመረጥኩ ቁጥር «ማዳምሽ የምትወደው ይሄኛውን ነው» እያለ ሌላ ያነሳልኝ ነበር። ማዳም የለኝም ብዬ ብነግረውም አይሰማም። በእሱ እስቅ ነበር። ያላሳቀኝ ላቦራቶሪው ውስጥ ያለው ሰውዬ ነው።

የብርሃን ላቦራቶሪያችን ምድር ቤት ነበር። ኃላፊው አርባ ዓመት የሞላው፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ሥራውን ግን በደንብ የሚያውቅ መምህር ነው። ደደብ ነበር ብል እዋሻለሁ። ከእሱ በላይ ያሉት ሽማግሌው ፕሮፌሰር ሥራቸው ሁሉ በወረቀትና በእርሳስ ነበር፤ መሣሪያ በእጃቸው ከነኩ ዘመን አልፏል። የሙከራው ጠረጴዛ ላይ ስለሚሆነው ነገር የሚያምኑት መምህሩ የነገራቸውን ነው። እኛ የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንተና አንቱ የለም፤ በሆዴ ግን ፕሮፌሰሩን እርስዎ፣ እሱን አንተ እያልኩ ነበር የማናግራቸው።

የሆነውን ለመረዳት ስለ ብርሃኑ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ካልገባችሁ በቀሉም አይጥማችሁም።

የሌዘር ብርሃን በፖላራይዘር ሲያልፍ በአንድ መስመር ብቻ የሚወዛወዝ ይሆናል፤ ልጆች በሁለት ጫፍ ይዘው ላይ ታች እንደሚያርገበግቡት ገመድ። እንደ ኳርትዝ ያለ ክሪስታል ደግሞ ብርሃንን በሁለት ዓይነት ፍጥነት ያስተናግዳል። እርስ በርስ ቀጥ ብለው የሚቋረጡ ሁለት አቅጣጫዎች አሉት፤ በአንደኛው የሚወዛወዝ ብርሃን ይፈጥናል፣ በሌላው የሚወዛወዝ ይዘገያል። የብርሃኑ መስመር በሁለቱ መሃል፣ በአርባ አምስት ዲግሪ ከገባ፣ እኩል ለሁለት ይከፈላል። ክሪስታሉ በልኩ ከተሠራ ዘገምተኛው ከፈጣኑ በሞገድ ሩብ ወደ ኋላ ቀርቶ ይወጣል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ብርሃኑ ላይ ታች ማለቱን ትቶ እየዞረ ይሄዳል። ክብ ፖላራይዝድ የምንለው ይህን ነው፤ እንዲህ በልኩ የሳሳውን የክሪስታል ሳህንም ሩብ ሞገድ እንለዋለን። መስመሩ ከሁለቱ አቅጣጫዎች ከአንዱ ጋር ከገጠመ ግን የሚከፈል ነገር የለም። ብርሃኑ እንደገባ ይወጣል።

የእኔ ጥናት ከመስተዋት ተመልሶ ሌዘሩን የሚረብሸውን ብርሃን ማገድ ነበር። እየዞረ የሄደው ብርሃን መስተዋት መትቶ ሲመለስ አዟዟሩ ይገለበጣል። ያንኑ ሩብ ሞገድ ዳግመኛ ሲያልፍ ወደ መስመር ይመለሳል፤ አሁን ግን መስመሩ ከመጀመሪያው ጋር መስቀለኛ ነው። ፖላራይዘሩ ደግሞ እንዲህ ያለውን አያሳልፍም። ይህን ሠርቼ፣ ለክቼ ካላስረከብኩ የትምህርት ዕድሉ ይቋረጣል፤ ሻንጣዬን ይዤ ወደ አገር ቤት ነው።

ትምህርት ክፍሉ የነበረው አንድ የኳርትዝ ሩብ ሞገድ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስገባ መምህሩ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ስብርባሪ ይለቅማል። «ወደቀ» አለኝ። እኔም አዘንኩለት፤ እንዲያውም አብሬው ለቀምኩ። ከዚያ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ተጠራሁ። መምህሩ ከጎናቸው ቆሟል።

«በማቀፊያ ቀለበቱ ውስጥ እንዳለ በጣቷ ስታዞረው ሰነጠቀችው» አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ። «እንዲህ ያለ ስስ ክሪስታል በጣት አይዞርም ብዬ ስንቴ ነግሬያታለሁ! ያኒ፣ ምን ላድርግ?»

ከአፌ ቃል ከመውጣቱ በፊት ፕሮፌሰሩ እጃቸውን አነሱ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «የኔ ልጅ፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ እጅሽ ገና አልለመደም» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ መሥራት ተከለከልኩ። የተፈቀደልኝ አቧራ መጥረግ ነው። መምህሩም በተማሪ ሁሉ ፊት «በጣት አይዞርም» የምትል ሕግ አወጣ፤ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር እየደጋገመ ያሰማኛል። አዲስ ሳህን ከውጭ እስኪመጣ የእኔ ጊዜ ያልቃል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለአንዲት ጓደኛዬ እያለቀስኩ ነገርኳት። እሷ ራውሼ ሰፈር ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ክሪስታል ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ ሚካ የሚባል ማዕድንም ያንኑ ሥራ እንደሚሠራ፣ እንደ ሽንኩርት እየተላጠ የሚሳሳ መሆኑን ነገርኳት።

«እሱማ የማዳሜ ካውያ ውስጥ አለ!» አለች። «ሲቃጠል ኦዛይ ሰፈር ጠጋኝ ዘንድ ወስጄ ሲፈታው አይቻለሁ። ሽቦው የተጠመጠመበት፣ የሚያብለጨልጭ። ኸላስ፣ ለዚህ ነው የምታለቅሺው? ያላ፣ ተነሺ!»

በሰርቪስ ታክሲ ኦዛይ ወረድን። የካውያና የማሞቂያ ጠጋኙ ከቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ ያልተቆረጠ፣ በውሃ ያቀጠኑት ሻይ የመሰለ የሚካ ቅጠል አውጥቶ ሰጠን። ሳምንቱን ሙሉ ክፍሌ ውስጥ በመርፌ ጫፍ ስሰነጥቅ፣ ስንጥቁ ውስጥ ውሃ ጠብ እያደረግኩ ስልጥ ሰነበትኩ። ላቦራቶሪው ሰው ሲርቀው በሌዘሩ እፈትነዋለሁ። ከፖላራይዘሩ ኋላ ሚካውን፣ ከሚካው ኋላ ሁለተኛ ፖላራይዘር አድርጌ ሁለተኛውን አዞራለሁ። ሚካውን ወዴትም ባዞረው ቀዩ ነጥብ እየደመቀ እየፈዘዘ ከመጣ ውፍረቱ ልክ አይደለም ማለት ነው። ብዙ ቅጠል ሰበርኩ፤ ይኼን ጊዜ የሰበርኩት እውነትም እኔ ነበርኩ። በመጨረሻ አንዱን ቅጠል አርባ አምስት ላይ አድርጌ ፖላራይዘሩን ባዞር፣ ባዞር፣ ነጥቡ አልፈዘዘም፣ አልደመቀም። ብርሃኑ ክብ ሆኗል። ብቻዬን ዘለልኩ።

በባዶው ቀለበት ውስጥ ገጥሜ ወደ ፕሮፌሰሩ ልወስደው ስል መምህሩ በር ላይ አገኘኝ። አየው፤ ተቀበለኝና በሌዘሩ ፈተነው። ፊቱ በራ። «ብራቮ ሐቢብቲ! ሐሙስ እንግዶች አሉ፤ በዚህ እናሳያቸዋለን» አለ። ቀለበቱን አልመለሰልኝም። በማግስቱ ፕሮፌሰሩ አገኙኝና «መምህርሽ ከካውያ ሚካ ሩብ ሞገድ መሥራቱን ሰማሽ? ከእሱ ተማሪ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ያን ጊዜ ልናገር እችል ነበር፤ ግን ማን ይሰማኛል? ደግሞም በዚያች ቅጽበት መናገር አላማረኝም። ያማረኝ ሌላ ነገር ነው።

ሐሙስ ጠዋት መምህሩ ሁሉንም ደርድሮ፣ ፈትኖ፣ ክራቫቱን ሊያስር ወጣ። እኔ እንደ ደንቡ አቧራ ልጠርግ ገባሁ። ፖላራይዘሩ እንዳይነቃነቅ ከማቆሚያው ጋር በሙጫ የተጣበቀ ነው፤ በብርሃኑ መንገድ ላይ የሚዞር ነገር ቢኖር የእኔ ሚካ ብቻ ነበር። ቀለበቱ ላይ ምልክት የለም። በሁለት ጣቴ ያዝኩና አርባ አምስት ዲግሪ አዞርኩት፤ አሁን ከብርሃኑ መስመር ጋር ገጠመ። ጠረጴዛውንም ደህና አድርጌ ጠረግኩት።

እንግዶቹ ገቡ፤ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሰዎች ናቸው። ለፕሮፌሰሩ ከፊት ወንበር ተሰጣቸው። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። መምህሩ ሚካውን እያሳየ ንግግሩን ጀመረ፣ መቼም እኔን ሳይነካኝ አይሆንለትም።

«ይኼ በጣት አይዞርም» አለ እያየኝ። «የቀድሞውን ያጣነው አንድ ተማሪ በቀለበቱ ውስጥ ስላዞረችው ነው።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ሌዘሩ በራ። ከሌዘሩ ፊት፣ መሃሉ የተበሳ ነጭ ካርቶን ቆሟል፤ ከመስተዋቱ የሚመለስ ብርሃን ካለ ቀዳዳው አጠገብ ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። «አሁን ነጥብ አታዩም» አለ።

ነጥቡ ግን ቁልጭ ብሎ ታየ።

መስተዋቱን ነካካ፤ ነጥቡ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ሌዘሩን አጥፍቶ አበራው። መስተዋቱን ወለወለው። ምን መሆኑን ገና በመጀመሪያው አውቋል፤ ሥራውን ያውቃል አላልኳችሁም? ጣቱ ወደ ሚካው ቀለበት ይሄድና ፕሮፌሰሩን አይቶ ይመለሳል። እንደገና ይሄዳል፣ ይመለሳል። ከዚያ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ምንድነው ችግሩ?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ሳህኑ... ትንሽ ዞሯል መሰለኝ።»

«እንግዲያው መልሰህ አዙረዋ!»

ጣቶቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴትዮ፣ ግራ ገብቷት «በጣት ነው እኮ የሚዞረው፤ ቀለበቱ የተሠራው ለዚያ ነው» አለች። ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በሁለት ጣቱ ያዘና ቀስ አድርጎ አዞረው። ነጥቡ ፈዘዘ፣ ፈዘዘና ጠፋ። ካርቶኑ ነጭ ብቻ ሆነ።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ፕሮፌሰሩ ግን አላጨበጨቡም። ተነስተው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሚካውን አዩ። ከዚያ ለዘመናት መሣሪያ ባልነካ ጣታቸው ቀለበቱን ያዙና አዞሩት። ነጥቡ መጣ። መለሱት፤ ጠፋ። ደገሙት።

«አልተሰበረም» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ።

መምህሩ ወለሉን ያይ ነበር። ፕሮፌሰሩ ወደ እኔ ዞሩ። «የኳርትዙስ?»

«ወድቆ ነው ፕሮፌሰር። እኔ ስገባ መምህሩ ስብርባሪውን ሲለቅም ነበር፤ አብሬ ለቀምኩ። ይኼን ሚካም የሠራሁት እኔ ነኝ። ከፈለጉ አሁን እፊትዎ ሌላ እሰነጥቃለሁ።»

አልፈለጉም። በእንግዶቹ ፊት ከመምህሩ እጅ የላቦራቶሪውን ቁልፍ ተቀበሉና ለእኔ ሰጡኝ። «ጠረጴዛው እስክትጨርሺ የአንቺ ነው» አሉ። ይቅርታ አላሉኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

ሁሉም ሲወጣ መምህሩ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። ያዞርኩት እኔ መሆኔን ያውቃል፤ መናገር ግን አይችልም፤ ከተናገረ የእሱ ሐሰት እንደገና ይነሳል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሽቶውም ላብ ላብ እየሸተተ፣ «ቢያንስ ልትነግሪኝ ትችይ ነበር» አለኝ።

«አንተም ልትነግራቸው ትችል ነበር» አልኩት፤ በአማርኛ ነው ያልኩት። ምን አልሽ አለኝ። አልተረጎምኩለትም።