ለማንም እንዳትሰጥ ያልኩት ቁጥር

ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የሰው ሒሳብ እሠራለሁ። ክፍሏ ወንበር ሁለት አላት። አንዱ የኔ ነው፣ ሌላው ምክር ሊሰማ የመጣው ሰው ነው። ምክር አላስከፍልም፤ እንዲያውም ሳይጠይቁኝ እሰጣለሁ። ይህ ደግነቴ አንድን ብረት ሠሪ ምን እንዳስከፈለው ነው የምነግራችሁ።

ሰውየው በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው ከሰፈሩ ቤተሰቦች ነው። በር፣ መስኮት፣ የአልጋ ብረት ይሠራል። ዲጋ የሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ብዙ የተማሪ ዴስክ ሲያዘው ሥራው ከፍ አለና የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ሆነ። የምዝገባ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ቀብረር ብዬ ተቀበልኩት። የመጀመሪያው ትምህርት ደረሰኝ ነበር። «ከእንግዲህ ያለ ደረሰኝ ምስማር እንኳ እንዳትገዛ። ብረት ስትገዛ የከፈልከው ታክስ ዴስክ ስትሸጥ ከሰበሰብከው ላይ ይቀነስልሃል» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ደህና ነበር። ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ዝም ብሎ ሲሰማኝ አንደበቴ ይፈታል። የአንድ የአኖ ከተማ ነጋዴ ታሪክ ጨመርኩለት። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን በየቦታው ሲሰጥ ኖሮ፣ ዓይቶት የማያውቀው ሲሚንቶ በስሙ ተገዝቶ ተገኘ፤ ሲሚንቶውን ሸጠህ ገንዘቡን የት አደረስክ ተባለ። ታሪኩን ስጨርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ቁጥርህ ፊርማህ ነው። ለማንም እንዳትሰጥ» አልኩት። አነጋገሬ ለራሴም አማረኝ።

ወሩ ሲያልቅ በፌስታል ጠቅልሎ ደረሰኞቹን አመጣ። አንዲት አልጠፋችም። በቀን በቀናቸው ደርድሮ በጎማ አስሯቸዋል። እንደዚህ ያለ ደንበኛ አይቼ አላውቅም፤ አብዛኞቹ ደረሰኝ ሲያመጡልኝ በርበሬ የተቋጠረበት ይመስላል። ዘረጋኋቸው። ሁሉም ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ የወጡ ቀጫጭን ወረቀቶች ናቸው። ቱቦ፣ ላሜራ፣ የብየዳ ኤሌክትሮድ፣ ከታች አስራ አምስት በመቶው ታክስ። የገዢ ስም የለም። የገዢ መለያ ቁጥር የለም። ከማሽኑ ወረቀት ጋር የሚያያዘው፣ የገዢው ስም፣ አድራሻና ቁጥር የሚሞላበት ትልቁ ደረሰኝም የለም።

«ትልቁ ወረቀትስ?»

«የቱ ትልቁ?»

«ስምህ የተጻፈበት።»

«ታክሱ እኮ ይኸውና ተጽፏል ጋሼ» ብሎ በጥቁር ጣቱ ጠቆመኝ።

«ታክስ መከፈሉ ተጽፏል። የከፈልከው አንተ መሆንህ ግን አልተጻፈም። በዚህ ወረቀት መሠረት ብረቱን የገዛው መንገደኛ ነው። ለቤት ሠራተኛም ለከንቲባም ይኸው ነው የሚሰጠው። ለግብር ቢሮ ይህን ይዤ ብቀርብ፣ ገዢው ማን ነው ነው የሚሉኝ።»

ሒሳቡን አንድ ላይ ሠራን። ለትምህርት ቤቱ በስድስት መቶ ሺህ ብር ሸጦ ዘጠና ሺህ ብር ታክስ ሰብስቧል። በአራት መቶ ሺህ ብር ብረት ገዝቶ ስልሳ ሺህ ብር ታክስ ከፍሏል። ትክክለኛ ደረሰኝ ቢኖረው ሠላሳውን ብቻ ነበር የሚያስገባው። አሁን ዘጠናውን እንዳለ ነው።

«ዘጠናው ከሆነ ጄኔሬተሬን ነው የምሸጠው። ከዴስኩ የተረፈው ለሠራተኛና ለዕዳ ወጥቷል። ሌላ የለኝም» አለ።

ነቀምቴን ለማያውቅ፣ መብራት ሲያሰኘው የሚመጣ ሲያሰኘው የሚሄድ እንግዳ ነው። ጄኔሬተር የሌለው ብረት ሠሪ ደግሞ ከበር ላይ ተቀምጦ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ነው።

«እኔ በእስክሪብቶ ብጽፍበትስ?» አለኝ። አይሆንም አልኩት። ማሽን ባተመው ወረቀት ላይ በእጅ የተጨመረ ቁጥር ማስረጃ ሳይሆን ክስ ነው። ይህን ስናገር ድምፄ የሕግ አዋቂ ድምፅ ነበረው። ብረቱን የሸጠችለት ባለሱቅ ሰነፍ ናት፣ ደንበኛዋን ቁጥር አልጠየቀችም ብዬ ደምድሜያለሁ። «ተነስ፣ እንሂድና ላናግራት» አልኩት።

ባለሱቋ ከብረት ክምር ጀርባ ማሽኗ አጠገብ ተቀምጣለች።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ?» አለችኝ።

«ነጋ፣ አዴ» ብዬ በቀጥታ ወደ ስብከቴ ገባሁ። ለተመዝጋቢ ነጋዴ በስሙ የተሟላ ደረሰኝ መስጠት ግዴታዋ መሆኑን፣ ገዢ ሲመጣ ቁጥሩን መጠየቅ ሥራዋ መሆኑን፣ የሰው ኑሮ መበላሸቱን አስረዳኋት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ «ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ አልጠየቅኩህም?» አለችው።

መሬት መሬት አየ።

«በመጣ ቁጥር ጠይቄዋለሁ ኦቦ» አለችኝ። «ቲን ቁጥር አለህ? ላስገባልህ? ትልቁን ልጻፍልህ? ላኪ፣ አይሆንም፣ ይላል። ለምን? ሒሳብ ሠሪዬ ለማንም እንዳትሰጥ ብሎኛል፣ ይላል። ሦስተኛ ጊዜ፣ ሒሳብ ሠሪህ ማነው አልኩት። እሱንም አልነግርሽም አለኝ።»

«ወላሂ ጋሼ፣ እንዳልከኝ ነው ያደረግኩት» አለ እሱ። ወቀሳ አልነበረም። ታዛዥነቱን ነበር የሚመሰክርልኝ።

ፊቴ ጋለ። አፈርኩ፤ ሌላ የማሳምርበት ቃል የለኝም። በዚያች ጠባብ ክፍሌ ውስጥ ቁጥርህን ለሻጭ ስትገዛ ስጥ፣ ለሌላ አትስጥ ማለት ስንት ቃል ይፈጃል? የአኖውን ሲሚንቶ ግን አሳምሬ ነበር የተረኩት።

ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ሰርዘሽ እንደገና ብትቆርጪለትስ አልኳት።

«ተመላሽ እኮ ዕቃ ሲመለስ ነው። ብረቱን ይዘህ ና፣ ማሽኑ ላይ ተመላሽ እመዘግባለሁ፣ በስምህ እንደገና እሸጥልሃለሁ» አለችው። «ብረቱ የት ነው ያለው?»

«ዲጋ ነው» አለ። «ልጆች ተቀምጠውበታል።»

«ትልቁን ብቻ ዛሬ ልጻፍልህ ብል ደግሞ፣ ማሽኑ ላይ ገዢ ለሌለው ሽያጭ ገዢ ፈጠርኩ ማለት ነው። የየቀኑ ሽያጭ ማታ ማታ ተዘግቶ ለግብር ቢሮ ሄዷል። እኔም ሒሳብ ሠሪ አለኝ ኦቦ።» እንደኔ ዓይነት እንዳልሆነ አልጨመረችም፤ ጨዋ ሴት ናት።

የዘጠና ሺሁን የታክስ ማስታወቂያ ቅጽ ራሴ ሞልቼ አስገባሁለት፤ ብሩን እሱ ከፈለ። የዚያን ወር ክፍያዬን አልቀበልም ስለው ተቆጣ፣ «ሠርተሃል እኮ» ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኝ ሄደ። ስለ ጄኔሬተሩ አልጠየቅኩትም። ከዘመድ ተበድሮ ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ለራሴም ምክር በነፃ ነው የምሰጠው።

በሚቀጥለው ወር የመጡት ደረሰኞች አንድም እንከን አልነበራቸውም። ማሽኑ ላይ ቁጥሩ ገብቷል፣ ትልቁ ደረሰኝ ስሙንና አድራሻውን ይዞ ከቀጭኑ ጋር ተሰፍቷል። ከነሱ ጋር መዳፍ የሚያህል ላሜራ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። አስሩ የመለያ ቁጥሮቹ ብረቱ ላይ ተቀርጸዋል።

«ለባለሱቋም አንድ ሰጥቻታለሁ፣ ቁጥር ስጠኝ እያለች እንዳትለምነኝ» አለ። «ይቺ ላንተ ናት። ላንተ መስጠት ይቻላል አይደል ጋሼ?»

ይቻላል አልኩት። ላሜራውን አገላብጬ አየሁት። እጁን አውቀዋለሁ፤ የሠራው በር ላይ ብየዳው የት እንዳለ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። እነዚህ ቁጥሮች ግን የተንጋደዱ ናቸው፣ የስምንት ቁጥሯ ቀለበት አልገጠመም።

«ምነው እንዲህ ተጣመሙ?» አልኩት።

«በመሮና በመዶሻ ነው የመታኋቸው» አለኝ። «ሳምንቱን ሙሉ መብራት አልነበረም።»