ጉሮሮ ማፍታቻ

መምህርት ገበያነሽ ከወሎ ወደ ሀዋሳ የመጣችው ባሏ ለመንግሥት ሥራ ሲዛወር ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ ዘመዶቿ ተመለሽ ቢሏትም አልተመለሰችም። የሦስተኛ ክፍል ልጆቿን ለማን ትታ ትሂድ?

ልጆቹ ብዙ ነበሩ። በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ከመቶ የማያንሱ ሕፃናት በአንድ ክፍል ይታጨቃሉ፤ በአንድ ዴስክ አራት፣ አንዳንዴም አምስት። ጠዋት አንድ ፈረቃ፣ ከሰዓት ሌላ ፈረቃ ታስተምራለች። ሲመሽ ደግሞ ጎልማሶቹን መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ይንጫጫል፤ እሷም ከቆርቆሮው በላይ ልትጮህ ትታገላለች።

መስቀል ካለፈ በኋላ ድምፅዋ ይሻክር ጀመር። ዝንጅብል በማር ጠጣች፣ ጤና አዳም አሸተተች፣ ሎሚ መጠጠች። ኅዳር ላይ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ድምፅዋ ይዘጋ ነበር። ሐኪሙ በትንሽ መስታወት ጉሮሮዋን አየና፣ «የድምፅሽ ክሮች አብጠዋል። ካላሳረፍሻቸው እብጠቱ ይጠጥራል» አላት። ርዕሰ መምህሩ አቶ ገብረየስ ግን ተተኪ አልነበራቸውም። የሰጧት የሳምንት እረፍት ብቻ ነው። «ከዚያ ካልተሻለሽ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛውርሻለሁ። ምን ላድርግ?» አሏት።

ድምፅ ማሳረፍ ቤቷ ውስጥ አልከበዳትም፤ የምታናግረው ሰው አልነበረም። የከበዳት ወደ ክፍል መመለሱ ነው። በተመለሰች ዕለት የውኃው ቧንቧ ጋ ቆማ ከባልደረባዋ ጋር ስታንሾካሹክ፣ የአጎራባቹ ክፍል አስተማሪ ታቢታ ሰማቻት። ታቢታ ሲዳማ ናት፤ ገና ወጣት፣ ቀጭን፣ ሳቂታ።

«እትዬ ገበያነሽ፣ አያንሾካሹኩ» አለቻት።

«ድምፄ ይረፍ ብዬ ነዋ።»

«ማንሾካሾክ አያሳርፈውም፤ ጉሮሮውን ያስጨንቀዋል። ቀስ ብለው በራስዎ ድምፅ ያውሩ፤ ካልሆነም ዝም ይበሉ። እህህ እያሉ መጥረግም ይተዉ። ሲያሳክክዎ ውኃ ይጎንጩና ይዋጡ።»

«አንቺ ሐኪም ሆንሽ እንዴ?»

«ሐኪምስ አይደለሁም። ነገ ደወሉ ሳይደወል ክፍሌ ይምጡ።»

በማግስቱ ባዶው ክፍል ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቆሙ። ታቢታ የገበያነሽን እጅ ወስዳ በገዛ ሆዷ ላይ አስቀመጠችላት። «ትከሻዎ አይነሳ። አየሩ እዚህ ይግባ፤ ሆድዎና ጎንዎ ይከፈት።» ከዚያ ታቢታ ራሷ እያሳየቻት አንገቷን አላላች፣ መንጋጋዋን በመዳፏ ወደ ታች አሸች፤ አፏን ከፍታ አዛጋችና በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ከንፈሯን ገጥማ ትንፋሿን ስትለቅቀው ከንፈሯ ብርርር አለ።

ገበያነሽ ሳቋ መጣ። «የጋሪ ፈረስ አይደል እንዲህ የሚያደርገው?»

«ፈረሱ ጉሮሮውን አሞት ያውቃል? ይበሉ፣ ይሞክሩ።»

«በዚህ ዕድሜዬ ፈረስ አደረግሽኝ!»

ከዚያም አፋቸውን ዘግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በቀስታ እምምም አሉ፤ ከመካከለኛው ድምፅ ትንሽ ወደ ላይ፣ መልሰው ወደ ታች። «ከንፈርዎና አፍንጫዎ ላይ ሲነዝር ይሰማዎታል? ድምፁ እዚያ ይኑር እንጂ ጉሮሮዎን አያስገድዱት። ካመመዎት ወዲያው ያቁሙ።» መጨረሻ ላይ አፋቸውን እየከፈቱ ማ፣ ሜ፣ ሚ፣ ሞ አሉ።

ክፍል ውስጥ የሚደረገውንም ነገረቻት። ልጆቹ ሲንጫጩ በላያቸው አትጩሂ፤ አጨብጭቢና እስኪያጨበጭቡልሽ ጠብቂ። ሰሌዳ ላይ እየጻፍሽ አታውሪ፤ ዞረሽ የኋለኛውን ረድፍ እያየሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ ረጋ ብለሽ ተናገሪ። ድምፅሽን ከትንፋሽ አግኚው እንጂ አታቅጥኚው። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ቆርቆሮው ከጮኸ ዝም በይ፤ ልጆቹ ይጻፉ። ይህን ሁሉ እርግጥ በአንቱታ ነው የነገረቻት።

ወዲያው አልዳነችም። ማታ ማታ መሠረተ ትምህርቱን ሌላ አስተማሪ፣ በላይነህ፣ ያዘላት፤ በዕረፍት ሰዓት አፏን ዘጋች፤ በየጠዋቱ ከታቢታ ጋር ቆመች። ጥር ሲጋመስ ግን የኋላ ረድፍ ልጆች «አልተሰማንም» ማለታቸውን ተዉ። ስለ ዕቃ ግምጃ ቤቱም የሚያነሳ ጠፋ።

አንድ ቅዳሜ የመምህራኑ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው የትምህርት ቤቱ የፖለቲካ ተጠሪ ሽፈራው ነበር።

«ጓዶች፣ በዚህ ትምህርት ቤት በየጠዋቱ ድብቅ ጸሎት ይካሄዳል» አለ። «ዓይን ይጨፈናል፣ ሆድ ይያዛል፣ ከዚያ በልሳን ይወራል። ማ፣ ሜ፣ ብርርር! በመስኮት ያዩ ጓዶች አሉ።»

አዳራሹ ሳቀ። የታቢታ የወንጌላውያን ጸሎት ቤት በመንግሥት ከታሸገ ሁለተኛ ዓመቱ ስለነበር ማን እንደታማ ሁሉም ገብቶታል። ታቢታ እጇን አጣጥፋ መሬት መሬቱን ታያለች።

ገበያነሽ ተነሳች። «ጓድ ሽፈራው፣ ጸሎት አይደለም። እኔ ማተብ ያሰርኩ የማርያም ልጅ ነኝ፤ ልሳን ከየት ላመጣ? ጉሮሮ ማፍታቻ ነው። ድምፄ ጠፍቶ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያዳነችኝ ይህች ልጅ ናት።»

ድምፅዋ ሳትጮህ መጨረሻው ወንበር ድረስ ደረሰ። ይህን ራሷም ሰማችው፤ ልቧም ሞቅ አለ።

«እስቲ አሳዩና!» አለ አንዱ ከኋላ።

አሳየች። ሆዷን ይዛ ተነፈሰች፣ ከንፈሯን ብርርር አደረገች፣ እምምም አለች። ገሚሱ በሳቅ ፈረሰ፤ ገሚሱ አቀረቀረ። አቶ ገብረየስ የጫማቸውን ክር ፈተው ያስሩ ጀመር።

ሽፈራው አልሳቀም። «እሺ። ይህን ጉሮሮ ማፍታቻ እሷ ከማን ተማረችው?»

ገበያነሽ ጠይቃት አታውቅም። ወደ ታቢታ ዞረች።

ታቢታ ቀና አለች። «ከመዘምራን ነው። ከመዝሙር በፊት የምናደርገው ነው። ያስተማረችን ኖርዌጂያዊት ሚስዮናዊት ነበረች።»

«ይኸው! ከራሷ አፍ!» አለ ሽፈራው።

«የመጣበት ምን ያደርጋል?» አለች ገበያነሽ። «መድኃኒትስ ከፈረንጅ አገር ይመጣ የለም? ጓዶች፣ እስቲ እናንተም ተናገሩ! ጉሮሮው ያልታመመ አለ?»

ሁሉም ሰምቷታል፤ የተነሳ ግን የለም። በላይነህ እንኳ፣ ያ ማታ ማታ ክፍሏን የያዘላት፣ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ታቢታ በሳምንቱ አሮሬሳ ተዛወረች፤ የመኪናው መንገድ ካለቀ በኋላ በእግር የሚኬድበት ገጠር። ገበያነሽ አቶ ገብረየስ ቢሮ ተመላለሰች። ለመጨረሻ ጊዜ ስትሄድ በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ገበያነሽ፣ ልጅቷ ምንም እንዳላደረገች እኔ አጣሁት? የታሰሩም አሉ እኮ። መዛወሯን እንደ ደኅና ቁጠሪው።»

«ታዲያ እውነቱን ለማን ልንገር?»

«ተናገርሽ አይደል? ሁላችንም ሰማንሽ።» ከጠረጴዛቸው የስም መዝገብ አነሱ። «በእሷ ቦታ ሰው አልተላከልኝም። ልጆቿን ካንቺዎቹ ጋር ላቀላቅላቸው ነው። እንኳንም ድምፅሽ ተመለሰ።»

በማግስቱ የታቢታ ልጆች ዴስካቸውን እየጎተቱ መጡ። መቀመጫ ያጡት መስኮቱ ሥር መሬት ላይ ተደረደሩ። ገበያነሽ አጨበጨበች፤ አጨበጨቡላት። ዝም አሉ።

«እትዬ፣ እትዬ ታቢታ መቼ ትመጣለች?» አለች አንዲት ልጅ ከመሬት።

ክፍሉ በሙሉ መልሷን ጠበቀ። ገበያነሽ ትንፋሽ ወሰደች።

«መጽሐፋችሁን አውጡ» አለች። ሁሉም ሰሟት።