ለልብስ ሰፊዋ የተሰጠ ዋጋ

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት «እትዬ ሚዛን» እያለ ነው። ሴትዮዋ ከፋብሪካ ታሽጎ የመጣን ስኳር እንኳ በራሷ ሚዛን ደግማ ሳትመዝን መደርደሪያ ላይ አታስቀምጥም። ልጆቿ ድንገት ካመሰገኗት ምን ሊጠይቋት እንደፈለጉ ታስባለች። ባሏ በሕይወት ሳለ፣ «ይቺ ሴት ገነት በር ላይ ብትደርስ ጠባቂውን መታወቂያ ሳትጠይቅ አትገባም» ይላት ነበር። እሱ ያሾፍባት ነበር፤ እሷ ግን ሙገሳ መስሏት ኖረች።

እውነት ለመናገር ጥርጣሬዋ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሱቁን በከፈተች በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ምላሰ ቅቤ ነጋዴ ሃያ ካርቶን ሳሙና ገዝታ፣ ሁለቱን ስትከፍት ግማሹ የተጠቀለለ ጡብ ሆኖ አግኝታዋለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ከዚያ ወዲህ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት ትደግመዋለች፤ ካርቶን ስትረከብም ባለዕቃው ፊት ከፍታ ፍሬውን አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ሰውየው ቢያፍር፣ ቢያኮርፍ፣ ግድ የላትም።

ከጡቡ ነጋዴ በኋላ የያዘቻቸው ጅምላ አከፋፋይ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረዋት ቆይተዋል። ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው፤ «ጋሼ» ትላቸዋለች። ዋጋ የሚነግሯት በቃል ነው። የሳሙና ካርቶን ዛሬ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ነው ካሉ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ከፍላ፣ ደረሰኟን ይዛ፣ ቆጥራ ትወጣለች። ዋጋ ሊጨምር ሲል ደግሞ ይደውሉላታል፤ «ነገ ከምትመጪ ዛሬ ነይ» ይሏታል፣ ስልኩን ይዘጉታል። ይህንንም ቢሆን ሳትጠረጥር አላለፈችውም። ዕቃ ሊያራግፉብኝ ይሆናል ብላ መጀመሪያ ሌላ ሱቅ ደውላ ትጠይቃለች፣ ከዚያ ትሮጣለች።

ነገሩ የተጀመረው ከሱቋ ፊት ለፊት ባለመስታወት ትልቅ መደብር ከተከፈተ በኋላ ነው። በአራት ወር ውስጥ ደንበኞቿ መንገዱን ተሻገሩ። አንዳንዶቹ የመደብሩን ከረጢት ይዘው በበሯ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ። ያኔ ነው ከሰፈሩ በላይ ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት በሩ ላይ ማስታወቂያ የለጠፈው፦ ለዓመቱ አንድ መቶ ሃያ ካርቶን የልብስ ሳሙና፣ በሦስት ዙር የሚቀርብ፣ ዋጋው እስከ ዓመቱ መጨረሻ የማይለወጥ፣ ማቅረቢያው በታሸገ ፖስታ እስከ ዓርብ። እትዬ ሚዛን ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ይህን ካገኘች ሱቁ ይተርፋል፤ ካላገኘች ዓመቱ ሳያልቅ በሩን ትዘጋለች። ሌላ መንገድ አልነበራትም።

ባለመስታወቱ መደብርም እንደሚወዳደር ታውቃለች። ከአንድ ሺህ ሠላሳ በታች እንደማይወርድም ገምታለች። ስለዚህ እሷ አንድ ሺህ ሃያ ብትል ታሸንፋለች። ግን የምትገዛበትን ዋጋ በጽሑፍ ሳትይዝ ለዓመት ቃል መግባት እብደት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ይህን እያሰላሰለች ሳለ ዕቃ የሚያመላልስላት ባለጋሪ አንድ ነገር ጣል አደረገ።

«እትዬ፣ ሽማግሌው እኮ ለሌላው ይቀንሳሉ አሉ።»

«ማን አለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሲወራ ሰማሁ።»

ወሬውን ማን እንዳወራው እንኳ አላጣራችም። እህል ሁሉ የምታበጥር ሴት ይህችን ፍሬ እንዳለች ዋጠቻት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያታልሉኝ ኖረዋል ማለት ነው ብላ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ጠዋት ሱቋን ዘግታ ታናሽ እህቷ ጋ ሄደች። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የንግድ ፈቃድም ማኅተምም አላት።

«በአንቺ ስም ደብዳቤ እንጽፋለን» አለቻት።

«ለማን?»

«ለጋሼ። በጽሑፍ የጅምላ ዋጋ ስጡን ብለን።»

«ምነው በራስሽ ስም አትጽፊም? አይበሉሽ!»

«በስሜ ከጻፍኩማ ሁልጊዜ የሚያሳዩኝን ፊት ነው የሚያሳዩኝ። ለሌላው የሚሉትን ነው መስማት የምፈልገው።»

እህቷ መርፌዋን ከከንፈሯ አወጣች። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ! መቶ ሃያ ካርቶን ሳሙና ምን ላደርገው? እያጠብኩ ልሰፋው ነው?»

«ይሄን ማን ይጠይቅሻል? ማኅተሙን አምጪ።»

ደብዳቤው እንደ ደብዳቤ እንከን አልነበረውም። ቀን አለው፤ «ጉዳዩ፦ የጅምላ ዋጋ በጽሑፍ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ» ይላል። ካርቶኑ አርባ ፍሬ የያዘ መሆን እንዳለበት፣ ግዢው በሦስት ዙር እንደሚፈጸም ይዘረዝራል። የአንዱ ካርቶን ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ታክስን ይጨምር እንደሆነ፣ መጓጓዣው በማን እንደሆነ፣ ክፍያው እንዴት እንደሚፈጸም፣ ዋጋው ለስንት ቀን እንደሚጸና በፊርማና በማኅተም እንዲገለጽ ይጠይቃል። እዚያ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር። ጣቷ አላስችል ብሏት አንድ መስመር ጨመረች፦ «በርክክብ ጊዜ ካርቶኑ ተከፍቶ ፍሬው ፊታችን እንዲቆጠር እናሳስባለን።» እህቷ ደብዳቤውን አድርሳ፣ ቅጂው ላይ «ደርሶናል» አስብላ ተመለሰች።

መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። እትዬ ሚዛን ፖስታውን በእህቷ የልብስ መቁረጫ መቀስ ከፈተችው። የአንዱ ካርቶን ዋጋ አንድ ሺህ አርባ ብር፣ ታክስን ጨምሮ። መጓጓዣ በገዢው። ክፍያ ዕቃው ሲወጣ በሙሉ። ዋጋው ለሠላሳ ቀን ይጸናል። ፊርማ፣ ማኅተም።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። የራሷን ደረሰኞች ከቦርሳዋ አውጥታ አስተያየች፦ ያው ካርቶን፣ ያው አርባ ፍሬ፣ ያው ታክስ፣ መጓጓዣውም ያው በራሷ፤ ዘጠኝ መቶ ስልሳ። በእያንዳንዱ ካርቶን ሰማንያ ብር። ለሌላው የሚቀንሱት ሽማግሌ፣ ለሌላው ሰማንያ ብር ይጨምራሉ።

«አየሽ?» አለች እህቷ፣ «ሰውዬው ሲጠቅሙሽ ነው የኖሩት።»

እትዬ ሚዛን ደረሰኞቹን መልሳ ወደ ቦርሳዋ ከተተች። ፊቷ ጋለ። እውነቱን ለመናገር አፍራ ነበር፤ ነገር ግን ኀፍረቱ ገና ሳይበርድ፣ አወቁብኝ ይሆን የሚል ሌላ ጥርጣሬ ተተካ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ነገ ዓርብ ነው። በእጇ ያለው ወረቀት በልብስ ሰፊ ስም የተጻፈ፣ ዋጋውም የሚያሸንፍ ሳይሆን የሚያስወጣ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መጋዘኑ ሄደች።

ሽማግሌው ከጣሪያ የደረሰ ካርቶን መካከል፣ ጠባቧ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሌላ ቀን ገና ከበሩ ሲያዩዋት ወንበር በእግራቸው ገፋ ያደርጉላታል። ዛሬ ወንበሩ ካለበት አልተነቃነቀም።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዜር ይመስገን። ምን ልታዘዝ?»

ምን ልታዘዝ! በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ብለዋት አያውቁም። ቢሆንም ከአፏ የወጣው የመጣችበት ነው፤ «ለትምህርት ቤቱ ላቀርብ ነው፣ ዋጋውን በጽሑፍ ቢሰጡኝ ብዬ» አለች።

ሽማግሌው መሳቢያቸውን ሳቡ። የእህቷን ደብዳቤ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና በጣታቸው የመጨረሻውን መስመር ነኩ።

«ካርቶን ከፍቶ ፍሬ የሚቆጥር ደንበኛ በዚህ ከተማ አንድ ብቻ ነው ያለኝ» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«ካወቁ ለምን...»

«ለምን ሰማንያ ብር ጨመርኩ? አልጨመርኩም። ደብዳቤውን የፈረመችውን ሴት አላውቃትም። ለማላውቀው ሰው ዋጋው ይኸው ነው። አንቺን ግን ሳውቅሽ ኖሬያለሁ ብዬ ነበር።»

«ጋሼ፣ ሰው ነው የነገረኝ፣ ለሌላው ይቀንሳሉ ብሎ...»

«ሰው!» አሉ። «ቁጭ ብለሽ፣ ጋሼ ለሌላው ይቀንሳሉ ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ መዝገቡን አውጥቼ አሳይሽ ነበር። ፊቴ ካርቶን ስትቆጥሪ አንድ ቀን ቅር ብሎኝ ያውቃል? ፊት ለፊት ነዋ! ይሄ ግን ከጀርባ ነው።»

ምላሷ ለሰበብ ሰንፎ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ሰበብ አልፈለገችም። «ጠርጥሬዎት ነው። ይቅር ይበሉኝ» አለች በመጨረሻ። ይህን ቃል ለሟች ባሏም ብላው አታውቅም።

ሽማግሌው የንግዳቸው አርማ ያለበትን ወረቀት ሳቡ፣ ብዕራቸውን ከፈቱ።

«በማን ስም ልጻፈው?»

ስሟን ነገረቻቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚያውቁትን ስም፣ ከነአባቷ፣ ፊደል በፊደል፣ እንደ አዲስ ሰው ተናገረች። እሳቸውም እንደ አዲስ ሰው ጻፉት። ማኅተሙን መትተው ሲሰጧት ዓይኗ በቀጥታ ቁጥሩ ላይ አረፈ፦ ዘጠኝ መቶ ስልሳ።

እጅግ ደስ አላት። ሱቋ ተረፈ። «ጋሼ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ዛሬስ አይሰጡኝም ብዬ ነበር።»

«ዋጋ በኩርፊያ አልለውጥም» አሉ። «ሠላሳ ቀን ይጸናል። የመጀመሪያውን ዙር በዚህ ውሰጂ።»

«ከሠላሳ ቀን በኋላስ? ሊጨምር ሲል እንደ ወትሮው ይደውሉልኛል አይደል?»

ሽማግሌው ብዕራቸውን ዘጉ። «ጻፊልኝ» አሉ። «እመልስልሻለሁ።» ከዚያም ከኋላዋ ወደ ቆመው ደንበኛ አዩ።

ዓርብ ዕለት ፖስታዋን አስገባች፤ በአንድ ሺህ ሃያ አሸነፈች። ባለመስታወቱ መደብር አንድ ሺህ ሠላሳ አምስት ብሎ ነበር። እህቷ እልል አለች፣ ባለጋሪውም የልፋቱን ጉርሻ ተቀበለ። የመጀመሪያው ዙር እንደ ውኃ ፈሰሰ።

በሦስተኛው ወር ሰኞ ቀን የሳሙና ካርቶን አንድ ሺህ ስልሳ ገባ። እትዬ ሚዛን የሰማችው ሐሙስ ነው፤ ለሁለተኛው ዙር አርባ ካርቶን ልትገዛ ባዶ ጋሪ አስከትላ መጋዘኑ በር ላይ ስትደርስ። ከትምህርት ቤቱ ጋር የገባችው ውል አንድ ሺህ ሃያ ይላል፤ በእያንዳንዱ ካርቶን አርባ ብር ከኪሷ ልታወጣ ነው። ሽማግሌው አዲሱን ዋጋ በትሕትና ነገሯት፣ ካርቶኖቹንም እንድትቆጥር ፊቷ አስደረደሩላት።

ዙሪያዋን አየች። ከግድግዳው አጠገብ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ የሚመጣ አንድ የሩቅ ሰፈር ባለሱቅ ሠላሳ ካርቶን ያስጭናል።

«አንተስ በስንት ገዛህ?» አለችው ቀስ ብላ።

«እኔማ በድሮው ነው፤ እሑድ ማታ ደውለውልኝ ከፍዬ አስቀምጬው ነበር» አላት ሰውየው፣ ምንም ሳይጠረጥር።

እትዬ ሚዛን ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ካርቶን ከፈተችና መቁጠር ጀመረች። አሥራ ሰባት ላይ ስትደርስ ቁጥሩ ጠፋባት። ቆጥራ ሳትጨርስ መልሳ ዘጋችው፤ እያለቀሰች ነበር።