ስምንት የቀነሰች እጅ

የመዝገብ ቤቱ ሰዎች «ሊቀ ጳጉሜ» ይሉታል። ስሙን ያተረፈው በንትርክ ነው። ጳጉሜ ስድስት የምትሆንበት ዓመት አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ «ዘንድሮ ሰንጠረዡ በአንድ ቀን ይገፋል! ኋላ አልሰማሁም እንዳትሉ!» እያለ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። ትምህርቱ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ የፈረንጅን ቀን ወደ እኛ መለወጥ ላይ ግን ዲግሪ የጫነውን ሁሉ ያንበረክካል።

«ስማ» ይለዋል አዲስ ገቢውን፣ «ከመስከረም ጀምሮ ፈረንጅ ዓመቱን እስኪለውጥ ድረስ ሰባት ትቀንሳለህ። ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜ ስምንት። ቀኑን ከሰንጠረዥ ታወጣለህ እንጂ ከራስህ አታወጣም። ከራስ የሚወጣ ፀጉር ብቻ ነው።»

«እሱም ቢሆን እርስዎ ጋ እምቢ ብሏል» ይሉታል፣ መላጣውን አይተው። ይስቃል።

የማይናገረው አንድ ነገር አለ። ያንን ሰንጠረዥ አስልቶ የሠራው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት እሱም እንደ ሌላው፣ የድሮው አለቃ እንዳስተማሩት «ስምንት ቀንሰህ አሳርፍ» እያለ ነበር የሚጽፈው። ካወቀ በኋላ የድሮውን መዝገብ ገልጦ አየ? አላየም። «ያለፈው አለፈ» አለ። ይህች «ያለፈው አለፈ» የምትባል ነገር ስንቱን ከነሕይወቱ እንደቀበረች የሚቆጥር ቢገኝ! ጥይት የሚተኩስ ይከሰሳል፤ ቀን አሳስቶ የሚጽፍ ደመወዝ ይቀበላል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ሴት ልጇን በእጇ ይዛ መስኮቱ ላይ ቆመች። የልብስ ፋብሪካ ሰፊ ናት፤ የሥራ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ትምህርት ቤቱ የልደት ምስክር ወረቀት አምጡ ብሏል።

«ጋሼ» አለች ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሁለተኛው መስኮት የአባቷን ስም አልጽፍም አለኝ።»

«ለምን?»

«አባትየው ከሞተ ከዓመት ተመንፈቅ በኋላ ነው የተወለደችው አለኝ። ሰው ፊት። ወረፋው ሁሉ ሰማ።» ዓይኗን ወደ ልጇ ጣል አደረገች። «የባሌ ወንድምም ስንት ዓመት ሙሉ ‹የሞት ወረቀቱ ራሱ የእኛ እንዳልሆነች ይናገራል› ሲለኝ ኖሯል። ወረቀቱን ግን አሳይቶኝ አያውቅም። ትናንት እግሩ ላይ ወድቄ ነው የሰጠኝ።»

ሊቀ ጳጉሜ ወረቀቶቹን ተቀበለ። የክሊኒኩ የልደት ማስረጃ፦ ግንቦት 10 ቀን 2008 ዓ.ም.። የአባትየው የሞት ምስክር ወረቀት፦ ኅዳር 11 ቀን 2007 ዓ.ም.። ሕጉ፣ ባል ከሞተ በሦስት መቶ ቀን ውስጥ የተወለደ ልጅ የሟቹ ነው ይላል። በዚህ ወረቀት ሂሳብ ግን አምስት መቶ አርባ አምስት ቀን አልፏል።

ከዚያ ፊርማውን አየ። ጅራቷ እንደ አይጥ ጅራት የተቆለመመች፣ የገዛ ራሱ ፊርማ!

«የት ነው የሞተው፣ ልጄ?»

«ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። ከወደብ ሲመለስ ድንበር ማዶ ተገለበጠበት። ወረቀቱ ከዚያ ሆስፒታል በዓመቱ ነው የመጣው።»

«ዕለቱ ትዝ ይልሻል?»

«አርብ ነዋ! ዓመተ ምሕረት ከሆነ አይጠይቁኝ፤ አርቧን ግን እንዴት አድርጌ እረሳለሁ?»

ሊቀ ጳጉሜ ጣቱን ሰንጠረዡ ላይ አስኬደ። ኅዳር 11 ቀን 2007 ሐሙስ ነው። ዓመት ይለያያል፣ ወር ይለያያል፤ ዕለት ግን በየትኛውም አቆጣጠር ያው ዕለት ነው። የፈረንጅ አርብ ሐሙስ አይሆንም።

ወደ ማኅደር ክፍሉ ወርዶ አቧራ ሲያራግፍ ቆየ። ሲመለስ የሆስፒታሉን ወረቀት ይዟል። «ፍራይዴይ፣ ኖቬምበር 20፣ 2015» ይላል።

አሁን ሁሉም ገባው። ወረቀቱ በዓመቱ ሲመጣ ቀና ብሎ በግድግዳው ላይ የ2009ን ካላንደር አየ፤ በዚያ ዓመት ኖቬምበር 20 ኅዳር 11 ነው። ያንን ገለበጠ። 2007 ጳጉሜው ስድስት ስለነበረ፣ በተከታዩ በ2008 ያው ኖቬምበር 20 ኅዳር 10 ላይ እንደሚውል አላሰበም። ከዓመቱ ደግሞ ሰባት መቀነስ ሲገባው ስምንት ቀነሰ። በአንዲት መስመር ሁለት ስህተት! ሰውየው የሞተው ኅዳር 10 ቀን 2008፣ ልጅቷ የተወለደችው ግንቦት 10 ቀን 2008። ልክ ስድስት ወር፤ መቶ ሰማንያ ቀን።

ኃላፊዋ ዘንድ ገባ። በዕድሜ ልጁ የምትሆን ሴት ናት። ማስረጃዎቹን አንድ በአንድ አየች፤ ራሷም ሰንጠረዡን ቆጠረች።

«ልክ ነህ ጋሼ። ማስረጃው ማኅደሩ ውስጥ ስላለ አሁኑኑ ይታረማል። ‹የጽሕፈት ስህተት› ብለህ እለፈው። ማን እንደጻፈው ምን ያደርጋል? ጡረታህ ስድስት ወር ቀርቶት ፋይልህ ላይ ጥቁር ነጥብ…»

«የልጅቷን አባት ልጽፍ መጥቼ የስህተቱን አባት ልደብቅ?»

ኃላፊዋ መዝገቡን ወደ እሱ ገፋችለት።

የተሳሳተውን አልፋቀም፤ ከሥሩ እንዲነበብ አድርጎ በቀይ አንድ መስመር አሰመረበት። በኅዳጉ ላይ እንዲህ ጻፈ፦ «ኅዳር 10 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 20 ቀን 2015፣ ዕለቱ አርብ። ስህተቱን የፈጸምኩት እኔ ነኝ።» ፈረመ። ኃላፊዋም ፈረመች።

አዲሱን የሞት ምስክር ወረቀትና የልጅቷን የልደት ምስክር ወረቀት ይዞ ወጣ። መስኮቱ ላይ አልሰጣትም። በሩን ከፍቶ ወረፋው መሀል ቆመ።

«ስሙኝ!» አለ። «ጠዋት እዚህ ቆማችሁ ይቺን ሴት ስትታማ የሰማችሁ ሁሉ፣ አሁንም ስሙ! ቀኑን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ የአባቷ ልጅ ናት። ሰው ፊት የተዋረደ ሰው ፊት ይካሳል።»

«ኧረ ጋሼ፣ ይበቃል» አለች ሴትዮዋ፤ እንባዋን በጋውኗ እጅጌ እየጠረገች።

«አይበቃም። ስምንት ዓመት ያንቺን አንገት አስደፍቼ እኔ ቀና ብዬ ስሄድ ኖሬያለሁ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ሴትዮዋ እጁን ያዘችው፤ ቆይታ ለቀቀችው።

ሁለተኛው መስኮት ያለው ጎረምሳ አንገቱን አቀርቅሮ የሌለ ነገር ይጽፋል። ሊቀ ጳጉሜ ወደ እሱ ዞረ። «አንተ ያየኸውን ነው ያነበብከው። ቀና በል። የ2009ን መዝገብ ከማኅደር ክፍሉ አምጣልኝ፤ ከመጀመሪያው ገጽ እንጀምራለን።»

እናትና ልጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልጅቷ አዲሱን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የአባቷን ስም በጣቷ እየተከተለች ታነባለች።

«እማ፣ አባዬ ሲሞት እኔ የት ነበርኩ?»

«ሆዴ ውስጥ። ሦስተኛ ወርሽ ነበር።»

«ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር እንጂ። ሐሙስ ከመንገድ ደውሎ፣ ‹ስልኩን ሆድሽ ላይ አስጠጊልኝ› አለኝ። አስጠጋሁለት።»

«ምን አለኝ?»

«እሱን እኔ በምን ልወቅ ሚጣዬ? ላንቺ ነው የነገረሽ።»