የፍልሰታው ዘይት

እናቴ ሳምንቱን የምትመራው በድስት ነበር። እሑድ ሥጋ ከተገኘ ሥጋ፣ ካልተገኘ እንቁላል። ሰኞ የእሑድ ትራፊ ይሞቃል። ማክሰኞ ማታ ቅቤ የነካው ሁሉ ተጠራርጎ ይበላና ሳህኑ ሁሉ በአመድ ይታሻል። ረቡዕ ምስር ወይም ጎመን፣ ሐሙስ እንደገና አይብና ቅቤ፣ ዓርብ ሽሮ። የጾምና የፍስክ ድስታችን ለየብቻ ነው፤ ማማሰያውም እንደዚያው። የጾሙን ማማሰያ የፍስክ ድስት ውስጥ የነከረ ሰው ወዮለት። እኔ እጄ ፈጣን፣ ምላሴ ደግሞ ከእጄ የባሰ ስለነበረ በዚህ ጉዳይ ያልተጣላንበት ወር የለም።

የምኖረው ጎፋ፣ ከወንዙ በላይ በቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። አባቴ የእርዳታ እህል የሚጭን የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከወር ሦስቱን ሳምንት መንገድ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ሰሜን ግንባር ነበር። ከሰኔ ወዲህ በሕይወት መኖሩን የነገረን ሰው አልነበረም። አባቴ ወደ ሰሜን በሄደ ቁጥር በየኬላው ወታደር እያስቆመ ይጠይቃል፤ ሲመለስ እናቴ በር ላይ ፊቱን ታያለች፤ ምንም አትጠይቀውም።

በዚያ ነሐሴ ፍልሰታን ለወንድሜ ብላ ያዘች። ፍልሰታ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የሚጾመው የእመቤታችን ጾም ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይነካም፤ ቅዳሴ እስኪወጣ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ውኃም አይቀመስም። ይህን ሁልጊዜም ታደርገዋለች። ያን ዓመት ግን ስለት ጨመረችበት። «ይህን ጾም አንዲት ሳላጎድል ልፈጽም፤ አንቺ ልጄን መልሽልኝ» ብላ ሥዕሏ ፊት ስትናገር ሰማኋት። ሰምቼ ተናደድኩ። ከእመቤታችን ጋር እንዲህ ያለ ውል መግባት ያስፈራኝ ነበር፤ ለሚያማት ጨጓራዋም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ችግሩ ዘይት ነበር። ከቀበሌው ሱቅ ዘይት ከጠፋ ቆይቷል። ያለ ዘይት ጾምን ማብሰል የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ሱፍ ፍትፍት ታደርጋለህ፣ ተልባ ትቆላለህ፣ አዚፋ ትሠራለህ፣ ከዚያ ሱፉም ተልባውም ያልቃል። አባቴ ጾሙ ሊገባ ሲል አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ወረቀቱ ተልጧል። ሌላ ሾፌር በአንድ ጎማ ለውጦኛል አለ። ውስጡ ቢጫ ሆኖ የረጋ ነገር ነው።

«ምንድን ነው?» አለችው እናቴ።

«ዘይት ነው። የፈረንጅ።»

የሚረጋ ዘይት አዲሳችን አልነበረም። የነሐሴ ብርድ ላይ ምን የማይረጋ አለ! ቀበሌም እንዲህ የሚረጋ ነጭ ዘይት አድሎን ያውቃል። እናቴ ቆርቆሮውን ተሳለመችው ማለት ይቀላል። ወዲያው የሳምንቱን ምግብ ደለደለችው፤ ሰኞ ሽሮ፣ ማክሰኞ ድንች ወጥ፣ ረቡዕ ክክ አልጫ፣ ሐሙስ ጎመን፣ ዓርብ ምስር፤ ሱፉ ለቅዳሜና ለእሑድ ይቆይ፤ በሁለቱ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ጠዋት ስለሚበላ ቶሎ የሚደርስ ነገር ያስፈልጋል። አባቴ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

የማበስለው እኔ ነኝ። እናቴ ከጠዋት ጀምራ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ስትመለስ ወጡ ወጥቶ፣ እንጀራው ተዘርግቶ ይጠብቃታል። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አልጫውን ቀምሳ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ፦

«ምን ጨመርሽበት?»

«ምንም።»

«ጣፈጠ።»

«እንግዲህ ሲጣፍጥም ጥፋት ነው?»

ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ገባች። ድስቱን አንሥታ አሸተተች፤ ማማሰያውን አገላብጣ አየች። የጾሙ ናቸው። ደሜ ፈላ። «በማርያም እልሻለሁ፣ የፍስኩን ዕቃ ከቆጡ አላወረድኩም!» አልኳት፤ በጾም ቀን በማርያም መማሌ ደግሞ ሌላ ቁጣ አመጣብኝ። በመጨረሻ ግን ተቀምጣ በላች፤ «ለጾመኛ እመቤታችን ራሷ ታጣፍጥለታለች» አለች። የተራበ ሰው ሲበላ ማየት ደስ ይላል። ፊቷም መለስ አለ፤ ጨጓራዋም አላመማትም። ሁላችንም በዚያ ጾም ወፈር ሳንል አንቀርም።

አባቴ የተመለሰው ጾሙ ሊገባደድ ሲቃረብ ነው። እሱ ሰዓቱን አይጠብቅም፤ ሾፌር ነኝ፣ መሪ ላይ ብደነዝዝ ማን ይጠየቃል ይላል። የሚበላውን ግን የጾም ብቻ ያደርጋል፤ ዝዋይ ሲያልፍ ዓሣ በልቶ ይሆናል ብላ እናቴ ሁልጊዜ ትጠረጥረዋለች። በዘጠኝ ሰዓት ሦስታችንም አንድ ገበታ ላይ ቀረብን። ስለ ወንድሜ ምንም አላገኘም። ዝምታው ከብዶት ወሬ ለመፍጠር ያህል ይመስለኛል፣ እንጀራውን እያጠቀሰ እንዲህ አለ፦

«ይህ ዘይት ግን ተአምር ነው። እህሉን በማራግፍበት የረኃብተኞች መጠለያ ውስጥ ምን እንደሚያደርጉት አየሁ። ከዱቄት ወተቱ ጋር በሙቅ ውኃ ይበጠብጡታል፣ መልሶ ወተት ይሆናል! ሕፃናቱ ሲጠጡት ብታዪ።»

የእናቴ እጅ ወጡ ላይ ቆመ።

«ከምንድን ነው የተሠራ?»

«እኔ ምን አውቄ? ዘይት ነው ያሉኝ።»

ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መልሳ ተነሣች። ከቆርቆሮው በጭልፋ ጫፍ ቆነጠረችና ከሰሉ ላይ ያዘችው። ሽንኩርት የለው፣ በርበሬ የለው፣ ነጭ ሽንኩርት የለው፤ ብቻውን ቀለጠ። እኔ በቁሌት ሽታ ውስጥ ሆኜ ያላሸተትኩት ነገር ቤቱን ሞላው። ቅቤ ነው። የአገሬ ቅቤ አይደለም፣ ቅመም አላየም፤ ግን ከላም የወጣ ነው። አባቴ ማላመጡን አቆመ።

«ቅቤ አበላኸኝ» አለችው፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። «ልጄ እዚያ ሆኖ እኔ እዚህ ቅቤ በላሁ።»

አባቴ የሚቀልድ ሰው ነው። ያን ቀን አልቀለደም።

ቆርቆሮውን ያኔውኑ ለጎረቤታችን ሰጠችው። ጎረቤታችን ከደቡብ የመጣች ጴንጤ ናት፤ ጾማቸው እንደኛ አይደለም፤ «ልጆችሽ ይብሉት» አለቻት። ከዚያ ወዲያ እናቴ የተነከረ ሽምብራና ውኃ ካልሆነ አልነካ አለች፤ እሱንም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ። የጎደለውን ቀን ልትተካ ነው። በሁለተኛው ቀን ግድግዳ ይዛ መራመድ ጀመረች፤ ለማስመለስ ደጅ ስትወጣ እሰማታለሁ። ምግብ ባቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። እኔን ያስፈራኝ ግን ረኃቡ ብቻ አልነበረም። በዚያ ሳምንት የወንድሜ መርዶ ቢመጣ «እኔ ገደልኩት» ማለቷ አይቀርም፤ ከዚያ ሐሳብ ደግሞ ማንም አይመልሳትም። ቀበሌ በኩል የሚመጣ የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ሮጬ ወደ በሩ እወጣ ነበር።

ወደ ንስሐ አባታችን እንሂድ ስላት አፈረች። ስለዚህ ራሴ ሄጄ ጠራኋቸው። ዝናብ እየዘነበ፣ ጭቃውን በእግራቸው እየለኩ መጡ። እንደገቡ መስቀላቸውን ተሳለመች።

«ይፍቱኝ አባ። ፍልሰታን በቅቤ ጾምኩት።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ዐውቀሽ ነው?»

«አላወቅሁም።»

«እንግዲያ ጾምሽ አልተሻረም። ዘይት ነው ብለሽ ነው የበላሽ። ከዛሬ በፊት ያለው ተቆጥሯል። የሚተካ ቀን የለም።»

«ስለት ነበረብኝ፣ አባ። አንዲት ሳላጎድል ብያለሁ።»

እሳቸው እርጋታቸው የሚታወቅ ሰው ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን ተቆጡ።

«እመቤታችን ሚዛን ይዛ የምትቀመጥ ነጋዴ ናት? ልጅሽን በማማሰያ ጫፍ ነው ያስያዝሽው? እሱን የሚጠብቀው ጌታ ነው፤ ያንቺ ድስት አይደለም። አሁን በሰዓቱ ትበያለሽ። ይህ ትእዛዝ ነው።»

ወደ እኔ ዞር ብለው «ምን አለ?» አሉኝ። ተልባ ነበረኝ። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ከሷ ጋር ተቀመጡ፤ እሳቸውም አልቀመሱም። ከዚያ በተልባ የተፈተፈተውን እንጀራ ባርከው ሰጧት። እያለቀሰች በላች። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ዝናቡን ያይ ነበር፤ እኔ ስለ እሷ ስጨነቅ እሱን ልብ አላልኩትም።

ጾሙ ተፈታ። የቆርቆሮውን ነገር ማንም አላነሣም። ወንድሜም አልመጣም፤ መርዶውም አልመጣም። መስከረም፣ ገና፣ ጥምቀት አለፉ፤ ሁዳዴ ገብቶ ወጣ።

መርዶው የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ በማለዳ፣ መርዶ በሚነገርበት ሰዓት፣ የቀበሌው ሰዎች ጎረቤቶቻችንን አስከትለው። የዚያን ቀንና የማግሥቱን ነገር አልጽፈውም። እናቴ ደረቷን እየመታች ስትጮኽ ያቺን «እኔ ገደልኩት» የምትለዋን ቃል እጠብቅ ነበር፤ አላለቻትም። እህል ግን አልቀመሰችም። አባቴም አልቀመሰም።

ሦስተኛው ቀን ረቡዕ ዋለ። ጎረቤቶች ያመጡት ምግብ ተደርድሯል፤ አንዷ «ረቡዕ ነውና ምስሩን ላቅርብ?» ብላ ስትጠይቅ ሌላዋ «ሃምሳው መቼ ወጣ!» ብላ ገሠጸቻት። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ስለዚህ የቀረበው ቅቤ የገባበት የበግ አልጫ ነበር። ወላጆቼ ፍራሹ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሰዉ ዞር ሲል አባቴ ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ አለ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ።

«እኔ ነኝ እንዴ?» አላት።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ፊቱን አየሁ፤ ቆርቆሮውን ካመጣበት ከዚያ ነሐሴ ጀምሮ ይህን ጥያቄ በየአገሩ መንገድ ሲነዳው እንደኖረ ገባኝ። አንዲት ቃል ከአፏ ብትወጣ የምትገድለው ሰው ከጎኗ ተቀምጦ ነበር። እናቴ አላየችውም፤ ገበታውን ነው የምታየው። «አዎ» እንዳትለው በልቤ ለመንኳት።

እጇን ዘረጋች። እንጀራ ቆረሰች፣ ከአልጫው ወፍራሙን ጠቀለለችና ወደ አፉ አቀረበችለት።

«ዛሬ አይጾምም» አለችው። «ብላ።»

አፉን ከፍቶ ተቀበላት። እያለቀሰ እስኪውጥ ጠበቀችውና ሁለተኛውን ለራሷ ጠቀለለች።